ከወረዳ ፍርድ ቤት እስከ ባንጁል

በ2001 አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈችና ተደፈረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፖሊስ ደርሶ አስጣላት፤ ጠላፊውም ተያዘ። ብዙ ሳይቆይ ግን በዋስ ተለቀቀና ያችኑ ልጅ እንደገና ጠለፋት። ወር ያህል ተደብቃ ከቆየች በኋላ አመለጠች። ከማምለጧ በፊት ግን የጋብቻ ውል ላይ እንድትፈርም አስገድደዋታል። ፊርማው የተፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ወጥቶ እስከዚያ ጊዜ ሲሠራበት የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር።

የወረዳው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2003 ጠላፊውን በ10 ዓመት፣ አራቱን ግብረ አበሮቹን በ8 በ8 ዓመት እስራት ቀጣ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃደኝነት የተፈጸመ ይመስላል ብሎ ቅጣቱን ሻረና አምስቱንም አሰናበተ። የ13 ዓመት ልጅ ፈቃድ! ጉዳዩ ከዚያ በላይ ባሉት ፍርድ ቤቶች፣ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ቀርቦ የዞኑ ውሳኔ ሳይነካ ቀረ።

ብዙ ሰው «ከሰበር በላይ እግዚአብሔር ነው» ብሎ መዝገቡን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። በ2007 ግን ኢኳሊቲ ናው የተባለው ድርጅትና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የልጅቱን ጉዳይ ይዘው ጋምቢያ፣ ባንጁል ወደሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ በኅዳር 2015 ኢትዮጵያ የልጅቱን መብት ጥሳለች ብሎ ወሰነ፤ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላትም ጠየቀ።

ይህን መዝገብ ባንጁል ያደረሰው የበደሉ ክብደት ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ሌላ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከጎኑ ማስቀመጥ ይበቃል። በታኅሣሥ 2003 ጋምቤላ ውስጥ በአኙዋኮች ላይ ስለደረሰው ግድያ የአኙዋክ የፍትሕ ምክር ቤት ለዚሁ ኮሚሽን አመልክቶ ነበር። የተባለው በደል እጅግ ከባድ ነው። ኮሚሽኑ ግን በ2006 አቤቱታውን ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ መለሰው። ምክንያቱ አመልካቹ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት መሞከሩን አላሳየም የሚል ነው። የአንዲት ልጅ አቤቱታ አልፎ የብዙ ሰዎች ሕይወት የጠፋበት አቤቱታ በር ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ አቤቱታ ዕጣው በአብዛኛው የሚወሰነው ገና አገር ውስጥ፣ በወረዳና በዞን መዝገብ ቤት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ተጠሪው ማን ነው?

የሰብዓዊ መብት ውሎችን የሚፈርመው መንግሥት ነው። ስለዚህ ኮሚሽኑ ፊት ተጠሪ ሆኖ የሚቀርበውም መንግሥት ነው፤ ጠላፊው፣ ደብዳቢው ወይም ደመወዝ ከልካዩ አሠሪ አይደለም። የአርሲው ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ልጅቱን የጠለፋት የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። አመልካቾቹ ያነሱት ጥያቄ መንግሥት ምን አደረገ፣ ምን ማድረግስ ነበረበት የሚል ነው። ጠላፊው በዋስ ሲወጣ ለልጅቱ ጥበቃ አልተደረገላትም። ጠለፋ በአካባቢው የተለመደ መሆኑን መንግሥት ያውቃል፤ አደጋው ከታወቀ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም የአንዲትን ሕፃን ዝምታና ፍርሃት እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ፍርድ ቤትም የመንግሥት አካል ስለሆነ በዓለም አቀፍ ሕግ ዓይን የዳኛው ስህተት የመንግሥት ስህተት ነው። ኮሚሽኑ የተቀበለው በመሠረቱ ይህንን ክርክር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ የደረሰውን ነገር «እገሌ ይህን አደረገኝ» ከሚለው አውጥቶ «መንግሥት ይህን አድርጎ፣ ወይም ማድረግ ሲገባው ሳያደርግ፣ ይህን መብቴን ጣሰ» በሚለው መልክ መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ክስተት ከአንድ የቻርተሩ አንቀጽ ጋር መያያዝ አለበት። በሕግ የመጠበቅ መብት በአንቀጽ 3 ይገኛል፣ ሕይወትና የአካል ደኅንነት በአንቀጽ 4፣ ክብርና ከኢሰብዓዊ አያያዝ መጠበቅ በአንቀጽ 5፣ ነጻነት በአንቀጽ 6፣ ጉዳይን በፍርድ ቤት የማሰማት መብት ደግሞ በአንቀጽ 7። በአርሲው ጉዳይ የተጣሱት እነዚህ ናቸው። አመልካቾቹ አድልዎም ተፈጽሟል ብለው ነበር፤ ኮሚሽኑ ይህኛውን አልተቀበለም። እኔ በበኩሌ ኮሚሽኑ እዚህ ላይ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ጋብቻን ከቅጣት ማምለጫ ያደረገ ሕግ የሚጎዳው ሴቶችን ነውና። ለአመልካች ግን ትምህርቱ ሌላ ነው፤ አንዱ አንቀጽ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም አቤቱታን በአንድ አንቀጽ ላይ ብቻ አለማንጠልጠል ያዋጣል።

የትኛው በር ክፍት ነው?

ብዙ ሰው «ወደ ተባበሩት መንግሥታት እሄዳለሁ» ይላል። ጄኔቫ ላይ የግለሰብ አቤቱታ የሚያዩ ኮሚቴዎች አሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ኮሚቴ አቤቱታ የሚያየው መንግሥት ውሉን ከማጽደቁ በላይ «ዜጎች በእኔ ላይ አቤት ቢሉ እስማማለሁ» ብሎ ለብቻው ከፈቀደ ነው። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1993 ተቀብላለች፤ የግለሰብ አቤቱታ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። በማሠቃየት ላይ በወጣው ስምምነትም፣ በሴቶች መብት ስምምነትም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ላይ ለእነዚህ ኮሚቴዎች የተላከ የግለሰብ አቤቱታ ገና ከመግቢያው ይመለሳል። አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን ፈርማለች፣ አላጸደቀችውም።

ክፍቱ በር ባንጁል ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ቻርተር በ1998 ስትቀበል የኮሚሽኑን አቤቱታ የማየት ሥልጣን አብራ ተቀብላለች፤ ሌላ ፈቃድ አያስፈልግም። የተበደለው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ሌሴቶ፣ ማሴሩ የሚገኘው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ አለ፤ ኢትዮጵያ የሕፃናቱን ቻርተር በ2002 አጽድቃለች። ሁለቱም ግን ከአገር ውስጥ ፍርድ ቤት በኋላ የሚኬድባቸው ናቸው።

ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ጥያቄው ይለወጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆኖበት ወደ ኢትዮጵያ ሊመለስ የተቃረበ ሰው የሚያመለክተው በኢትዮጵያ ላይ ሳይሆን በስዊዘርላንድ ላይ ነው። ስዊዘርላንድ ለማሠቃየት መከላከያው ኮሚቴ ፈቃድ ስለሰጠች ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ ጄኔቫ ደርሰው አቤቱታቸው ታይቷል፤ የተሳካለትም ያልተሳካለትም አለ። ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤትም ሌላ አማራጭ ነው። እዚያ ለመድረስ ያለው ጊዜ ግን ከመጨረሻው የአገር ውስጥ ውሳኔ በኋላ አራት ወር ብቻ ነው፤ ቀድሞ ስድስት ወር የነበረው ከ2022 ጀምሮ አጥሯል። በአሜሪካ ላይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴዎች የግለሰብ አቤቱታ አያዩም፤ ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ግን ይቀበላል። አንድን ጉዳይ ለሁለት አካላት በአንድ ጊዜ መላክ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያሳጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መምረጥ ይገባል።

በዘፈቀደ ለታሰረ ሰው አንድ የተለየ መንገድ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስርን የሚመረምረው የባለሙያዎች ቡድን የመንግሥትን ፈቃድም ሆነ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት መጨረሻ መድረስን ሳይጠይቅ አቤቱታ ያያል። በኢትዮጵያ ታስረው ስለነበሩ ሰዎችም አስተያየቱን ሰጥቷል። ይህ መንገድ በውል የተፈጠረ አይደለም፤ የሚሰጠውም አስተያየት እንጂ ካሣ የሚያስከፍል ውሳኔ አይደለም።

በአገር ቤት የሚሠራው ሥራ

የቻርተሩ አንቀጽ 56 ሰባት ቅድመ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ሁሉም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ስድስቱ አያድኑም። ከሰባቱ ብዙውን አቤቱታ የሚጥለው የአገር ውስጥ መፍትሔን አሟጦ መጨረስ የሚለው ነው።

አሟጦ መጨረስ ማለት ለቀበሌ፣ ለሚኒስቴር፣ ለእንባ ጠባቂ ደብዳቤ መጻፍ አይደለም። ኮሚሽኑ መፍትሔ የሚለው የፍርድ ቤት መፍትሔን ነው። ከጋና የመጣ አንድ አመልካች በአገሩ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ተፈርዶለት ሳለ ወደ ፍርድ ቤት ባለመሄዱ ባንጁል ላይ አቤቱታው ተመልሶበታል። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ምርመራ አድርጎ ጥሰት አለ ቢል ሪፖርቱ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፤ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ግን አይተካም። ለእኛ አገር ጉዳይ ደረጃው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያ ፍርድ ቤት ወደ ይግባኝ፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የሚባል ከሆነ ደግሞ ወደ ሰበር ይሄዳል። የአርሲው መዝገብ ባንጁል ላይ «ገና መሄጃ ነበራችሁ» ሊባል ያልቻለው ሰበር ድረስ ስለሄደ ነው።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል። ባንጁል ላይ የሚነሳው በደል በአገር ውስጥም መነሳት ነበረበት። ሰውዬው ፖሊስ ጣቢያ ተደብድቦ፣ ፍርድ ቤት ግን የተከራከረው ስለ ዋስትና ብቻ ከሆነ፣ ስለ ድብደባው የአገር ውስጥ መፍትሔን ጨርሷል አይባልም። ዳኛው ባይሰማው እንኳ «ተደብድቤያለሁ፣ ይመርመርልኝ» ማለቱ በመዝገቡ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ አለበት። በቃል የተነገረ ነገር ካልተጻፈ ከስድስት ዓመት በኋላ ማንም አያምነውም። አቤቱታን በጽሑፍ ማስገባትና የገባበት ቀን የታተመበትን ቅጂ ለራስ ማስቀረት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ እንደተሰጠ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ማውጣትም ያስፈልጋል። መዝገብ ይጠፋል፣ ችሎት ይዛወራል፣ ጠበቃ ይለወጣል፤ ግልባጩ በእጁ ያለ ሰው ግን ጉዳዩን ከነሙሉ ታሪኩ ይዞ ይቀጥላል።

ሕጉ ልዩ ሁኔታም ያውቃል። የአገር ውስጡ ሂደት ያለ ልክ ከተጓተተ፣ ወይም መፍትሔው በስም ብቻ ካለ፣ ሰው ሳይጨርስ ማመልከት ይችላል። የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ዓመታት ሲፈጅ በእነሱ ስም የቀረበው አቤቱታ በዚህ ምክንያት አልፎ፣ ኮሚሽኑ በ2011 በተገቢ ጊዜ የመዳኘት መብታቸው ተጥሷል ብሏል። ከአገር የሸሸ ሰውም ተመልሶ እንዲከራከር አይገደድም፤ በመፈንቅለ መንግሥት የወረዱት የጋምቢያ ፕሬዚዳንት ዳውዳ ጃዋራ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ ኮሚሽኑ ይህንን አስረድቷል። ነገር ግን «ፍርድ ቤቶቻችን ነጻ አይደሉም» የሚል አጠቃላይ አባባል ብቻውን አያሳልፍም። የአኙዋኩን አቤቱታ የጣለው ይህ ነው። ክስ ለማቅረብ ሞክሮ የተከለከለ፣ ጠበቃው የታሰረ፣ ለአንድ መዝገብ ሃያ ጊዜ ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ይህንኑ በቀንና በሰነድ ማሳየት አለበት። ያ ውሳኔ በተለይ መሣሪያ በተማዘዘበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ከባድ ሸክም መሆኑን አልክድም፤ ኮሚሽኑ ሸክሙን በተጎጂ ትከሻ ላይ አብዝቶታል። ሆኖም ሕጉ እስካሁን እንዲህ ነው፤ ለሚያመለክት ሰውም ይህንን ማወቅ ይሻለዋል።

ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ ያለው ጊዜ ሌላው ወጥመድ ነው። ቻርተሩ «በተገቢ ጊዜ ውስጥ» ይላል እንጂ ቁጥር አይሰጥም። የቀድሞው የዚምባብዌ ዳኛ ማይክል ማጁሩ ከአገር ከሸሹ ከ22 ወር በኋላ ላቀረቡት አቤቱታ ኮሚሽኑ መዘግየታቸውን የሚያስረዳ በቂ ምክንያት አላገኘሁም ብሎ በ2008 መልሶታል። በሌሎች አህጉራት የተለመደው ስድስት ወር መሆኑንም በዚያው ውሳኔ ጠቅሷል። ስለዚህ ስድስት ወርን እንደ መጨረሻ ቀን ቆጥሮ መነሳት ብልህነት ነው። ከዘገየም ምክንያቱን፣ ለምሳሌ ሕመምን፣ እስርን ወይም ግልባጭ መከልከልን፣ በማስረጃ መግለጽ ይገባል።

አቤቱታው ሲጻፍ

ለኮሚሽኑ ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። ሌላ ሰው ወይም ድርጅት በተጎጂው ስም ማመልከት ይችላል፤ ልክ በአርሲው ጉዳይ እንደሆነው። አመልካቹ ስሙንና አድራሻውን ለኮሚሽኑ መስጠት አለበት፤ ስሙ ለመንግሥት እንዳይገለጽ መጠየቅ ግን ይችላል። አቤቱታው ስለ ተጎጂው ማንነት፣ ስለ ተጠሪው አገር፣ ስለ ድርጊቱ ቦታና ቀን፣ በአገር ውስጥ ስለ ተወሰደው እርምጃ፣ ጉዳዩ ለሌላ ዓለም አቀፍ አካል ስለ መቅረብ አለመቅረቡ መናገር አለበት። ኮሚሽኑ በአማርኛ አይሠራም። ስለዚህ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ውሳኔ ከነትርጉሙ ይያያዛል፤ ትርጉሙ ላይ ቀኖቹና የመዝገብ ቁጥሮቹ ከዋናው ጋር አንድ መሆናቸውን ራስ ተቀምጦ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ቋንቋው ቁጡ እንዳይሆን አንቀጽ 56 በግልጽ ያዝዛል፤ ስድብ ያለበት አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። የካሜሩን የሰብዓዊ መብት ሊግ ያቀረበው አቤቱታ አገዛዙን በወንጀለኛነት የሚፈርጁ ቃላት ስለነበሩበት በ1997 ተመልሷል። በጋዜጣና በሬዲዮ ዘገባ ብቻ ላይ የቆመ አቤቱታም እንዲሁ አይታይም፤ ዘገባው የራስን ማስረጃ ሊያግዝ እንጂ ሊተካ አይችልም።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። ልጁ የታሰረበት አባት እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንበል፦ «ጨካኞቹ እንደ ልማዳቸው ልጄን አሠቃዩት፤ ዳኞቹም የእነሱው መሣሪያ ስለሆኑ ፍትሕ አላገኘሁም።» ቁጣው እውነት ሊሆን ይችላል። ለኮሚሽኑ ግን አንድም የሚያጣራው ነገር አልሰጠም። ያው አባት እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፦ «ኅዳር 3 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ልጄን ከቤታችን ወሰዱት። የመያዣ ትዕዛዝ አላሳዩም። ኅዳር 5 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረብኩ፤ ቅጂው በአባሪ 1 ይገኛል። ፍርድ ቤቱ ኅዳር 9 እንዲቀርብ አዘዘ፤ ትዕዛዙ በአባሪ 2 ይገኛል። ፖሊስ አላቀረበውም። ኅዳር 20 ሳየው ግራ እጁ ታስሯል፣ ፊቱ አብጧል፤ የሐኪም ማስረጃው በአባሪ 3 ይገኛል።» ሁለተኛው ጽሑፍ ማንንም አይሰድብም፣ ሆኖም ከፊተኛው ይልቅ መንግሥትን መልስ የሚያሳጣው እሱ ነው። በአባሪ 2 ያለው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አለመከበሩ አገር ውስጥ መፍትሔ እንዳልሠራ ለማስረዳት ያግዛል።

ልጁ አሁንም እስር ላይ ካለና ሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ በዚያው ማመልከቻ ላይ ጊዜያዊ እርምጃ ይጠየቃል። ኮሚሽኑ ዋናው ጉዳይ ከመታየቱ በፊት ሊቀለበስ የማይችል ጉዳት እንዳይደርስ መንግሥትን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሕክምና እንዲያገኝ፣ የሞት ቅጣት እንዳይፈጸም፣ ከአገር እንዳይባረር። ይህ ጥያቄ ግን አስቸኳይነቱ በማስረጃ የተደገፈ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት

ኮሚሽኑ አቤቱታውን ሲቀበል ቁጥር ይሰጠዋል። የአርሲው ጉዳይ ቁጥር 341/2007 ነው፤ በተርታ 341ኛው፣ በ2007 የተመዘገበ ማለት ነው። ከ2020 ጀምሮ በሚሠራበት የሥነ ሥርዓት ደንብ አመልካቹ ሙሉ ክርክሩንና ማስረጃውን ለማስገባት 60 ቀን አለው። መንግሥት ለመልሱ 60 ቀን ይሰጠዋል፤ አመልካቹ ደግሞ ለመልስ መልስ 30 ቀን። ጊዜዎቹ ሊራዘሙ ይችላሉ። ሂደቱ በምስጢር የሚካሄድ ስለሆነ አመልካቹ የተለዋወጣቸውን ሰነዶች በአደባባይ ማውጣት የለበትም።

ኮሚሽኑ 11 አባላት ብቻ ያሉት፣ በሙሉ ጊዜ የማይሠሩ፣ በጉባኤ ወቅት የሚሰበሰቡ አካል ነው። መዝገብ የሚከማቸው በዚህ ምክንያት ነው። በአርሲው ጉዳይ መሃል ላይ በስምምነት ለመጨረስ ሙከራ ተደርጎ ሳይሳካ ቀርቷል። ከአቤቱታው እስከ ውሳኔው ስምንት ዓመት አለፈ። ሲጠለፍባት 13 ዓመቷ የነበረች ልጅ ውሳኔው ሲሰጥ ከ25 ዓመት በላይ ሆናለች። ይህ ለማንም ተጎጂ ተገቢ ጊዜ አይደለም። ሊያመለክት የሚያስብ ሰውም ቤተሰቡን ለዚህ ርዝመት ማዘጋጀት አለበት።

በእነዚህ ዓመታት መካከል አቤቱታ የሚሞትበት ዋናው መንገድ ዝምታ ነው። አመልካቹ ስልኩን ይለውጣል፣ ቤት ይቀይራል፣ የጻፈለት ድርጅት ሠራተኛ ሥራ ይለቃል። ከኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት የመጣው ደብዳቤ መልስ ያጣል፤ ኮሚሽኑም አመልካቹ ጉዳዩን አልተከታተለም ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል። እንዲህ የተዘጉ ጉዳዮች ጥቂት አይደሉም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁለት አድራሻ መስጠት፣ ለተላከው ሁሉ «ደርሶናል» የሚል ማረጋገጫ መጠየቅ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ካልተሰማ ደግሞ የመዝገቡን ቁጥር ጠቅሶ ጽሕፈት ቤቱን በደብዳቤ መጠየቅ።

ውሳኔው ሲመጣ

በአርሲው ጉዳይ ኮሚሽኑ ከካሣው ሌላ መንግሥት ጠለፋንና አስገድዶ መድፈርን ለመከላከል የተጠናከረ እርምጃ እንዲወስድ፣ ዳኞችንና የፍትሕ ሠራተኞችን እንዲያሠለጥን፣ ያደረገውንም በ180 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ጠይቋል። ሕጉ ራሱ ከውሳኔው በፊት ተለውጧል። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባም ከመጠየቅ እንደማይድን ደንግጓል።

ኮሚሽኑ የሚያስፈጽም ፖሊስ የለውም። የባንጁልን ውሳኔ ይዞ እንደ አገር ውስጥ ፍርድ የአፈጻጸም መዝገብ የሚከፍት ችሎትም የለም። ፕሮቶኮሉን ባጸደቀ አገር ላይ የቀረበን ጉዳይ ኮሚሽኑ አሩሻ ወዳለው ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል፤ ኢትዮጵያ ግን ስላላጸደቀች ይህ መንገድ በእሷ ላይ አይሠራም። የቀረው ክትትል ነው፤ ክትትሉን የሚጀምረው ደግሞ አመልካቹ ነው። 180ው ቀን ሲያልቅ የተከፈለውንና ያልተከፈለውን፣ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ለይቶ ለኮሚሽኑ ይጽፋል። ኮሚሽኑ የማይፈጽሙ መንግሥታትን ለአፍሪካ ኅብረት በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ያነሳል። መንግሥታት በቻርተሩ አንቀጽ 62 መሠረት በየሁለት ዓመቱ ስለ መብት አያያዛቸው ሪፖርት ማቅረብ አለባቸው። ኢትዮጵያ ሪፖርቷን ይዛ ስትቀርብ የሲቪል ማኅበራት የራሳቸውን ጽሑፍ አስቀድመው ለኮሚሽነሮቹ መላክ ይችላሉ። እዚያ ላይ የመዝገቡን ቁጥር፣ የውሳኔውን ቀንና ያልተፈጸመውን ነጥብ በሁለት መስመር የጻፈ ሰው የመንግሥቱ ልዑካን በጉባኤው ፊት ስለዚያች መዝገብ እንዲጠየቁ ማድረግ ይችላል።